አባባ በእጥፍ ፍጥነት

አባቴ ሲናገር አይቸኩልም። ይህን የምለው ለማሞገስ አይደለም፤ አብራችሁት ብትኖሩ ታዝኑልኝ ነበር። አንድ ወሬ ገብስ ሲዘራ ከጀመረ ሲታጨድ ነው የሚጨርሰው። መሀል ላይ ያስላል፣ ጋቢውን ያስተካክላል፣ ማዶ የሚያልፈው ሰው ማን እንደሆነ ይጠይቃል፣ ከዚያ ካቆመበት ቃል ይቀጥላል። ከአቀስታ በላይ ባለው በእኛ ቀበሌ ብርዱ ከባድ ነው፤ ውጭ ቆሞ የሚያወራ ሰው ሁሉ ያሳጥራል። አባባ ግን ለብርድም ብሎ አያሳጥርም።

የእናቴ ወንድም የዚህ ተቃራኒ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ እህል ይነግዳል፤ እኔም ለሥራ ከመጣሁ ጀምሮ የምኖረው እሱ ቤት ነው። ጋሼ እለዋለሁ። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፤ ከኋላው ግን እንደምታዩት ነው። ጋሼ ሲበላም ሲጸልይም ሲቆጣም ይቸኩላል። በስልክ የሚላክ የድምፅ መልእክት ማፍጠን እንደሚቻል ያወቀ ቀን ዐይኑ በራ። ድምፁ መናገር ሲጀምር ከጎኑ አንዲት ትንሽ ቁጥር ትመጣለች፤ ሲነኳት አንድ ተኩል፣ ደግሞ ሲነኳት ሁለት ትሆናለች። የአጅባር ገበያ ደላሎች ስለ እህል የሚልኩለትን ወሬ ሊያሳጥር ሁለት ላይ አደረጋትና በዚያው ተዋት። ስልኩ ደግሞ የተመረጠለትን ፍጥነት ይዞ ይቆያል። ከዚያ ወዲህ ለጋሼ መልእክት የላከ ሰው ሁሉ፣ አወቀም አላወቀም፣ በእጥፍ ፍጥነት ነበር የሚናገረው። አንድ ቀን ሚስቱ ስለ ጎረቤት ጠብ ስታስረዳው በጣቱ ትከሻዋን ነካ ነካ አደረገና፣ "ምነው አንቺ ላይ የለም?" አላት። ሳታነጋግረው ሰነበተች። እሱ ግን ጸጥታውንም ወደደው።

የእኔ ሥራ ጽሕፈት ነው። ከፍርድ ቤቱ አለፍ ብሎ ባለች ጠባብ ክፍል ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ ይዤ ማመልከቻና ውል እጽፋለሁ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሌላ ሥራ ተጨመረልኝ። ሰው በስልኩ የተላከለትን ድምፅ ይዞ ይመጣና "ይህን በወረቀት አውጪልኝ" ይለኛል። ወንድሙን በድምፅ የሰደበ፣ ድንበር ገፋህ ብሎ የዛተ፣ አገባሻለሁ ብሎ የካደ፣ ሁሉም በእኔ ጆሮ ገብቶ በእኔ ጣት ይወጣል። ስልኮቹ ራሳቸው ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚለውጡበት መላ አላቸው፤ የሚያውቋቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ ግን አማርኛ የለም። እሰይ እላለሁ እኔ፤ እንጀራዬ ነው።

ስሰማ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደርገዋለሁ። ጆሮ ላይ ሲሆን ድምፁ በውጭ ማጉያው መጮኹን ትቶ እንደ ተራ ጥሪ ለጆሮ ብቻ ይናገራል፤ መስታወቱም ይጨልማል። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው የሌላውን ገመና መስማት የለበትም። ድምፁን ከለከልኳቸው እንጂ ፊቴን ግን አልከለከልኳቸውም፤ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ የእኔን ፊት እያየ ፍርድ ይሰጣል። አንዲት ሴት ስስቅ አይታ፣ "የኔ ፍቺ ነው የሚያስቅሽ?" ብላኛለች። የእሷ አልነበረም፤ ብነግራት ግን የማን እንደሆነ ልትጠይቀኝ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምተርክላችሁ፣ አንድ ጥር ላይ የድምፅ ነገር በራሴ ላይ ስለመጣ ነው።

አንድ የወረኢሉ ልጅ አለ፤ እዚሁ በነርስነት ይሠራል። እንፈላለግ ነበር። ይህን ጋሼም፣ ሚስቱም፣ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሡ ተማሪዎችም ያውቃሉ፤ በደንቡ ግን ማንም እንደማያውቅ ሆኖ ነው የሚኬደው። ስለዚህ አባቱ ሽማግሌ ላከ፤ እኔም ምንም እንዳልሰማ ሰው ሆንኩ። ጾሙ ሳይገባ ጉዳዩ እንዲያልቅ ሁለታችንም ቀን እየቆጠርን ነበር። ሽማግሌዎቹ መልስ ይዘው ካልተመለሱ ዘንድሮ ሰርግ የለም፤ ተቀይመው ከተመለሱ ደግሞ ለከርሞም የለም። የወረኢሉ ሰው የላከው ሽማግሌ ተዋርዶ ከመጣ፣ ያን ቤት ዳግመኛ ደጅ አይጠናም።

መልስ የሚሰጠው አባባ ነው። አባባ ግን ጉልበቱ ታሞ ከቀበሌው መውጣት አልቻለም። ጥሪ እንዳንሞክር መስመሩ ይቆራረጣል፤ ግማሽ ምርቃት ደግሞ ከእርግማን አይሻልም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ እዚህ ጋሼ ቤት እንዲመጡ፣ አባባም ቃሉን በድምፅ መልእክት ለጋሼ እንዲልክ ተወሰነ። አባባ ማይክራፎኗን ተጭኖ ወደ ላይ መግፋት ተምሯል፤ ከዚያ በኋላ ጣት ቢነሣም ስልኩ መቅዳቱን አያቆምም። እሱም ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ፊት ለፊቱ ይቀመጥና እንደ ሰው ያነጋግረዋል። "እንዴት ከረማችሁ?" ይልና፣ እናንተ መልሳችሁ እስክትጨርሱ ይጠብቃል። ሲመርቅም ለአሜን ቦታ ይተዋል። የሱን መልእክት የሚሰማ ሰው ዝም ብሎ መስማት አይችልም፤ ተራው ሲደርስ መናገር አለበት።

ሽማግሌዎቹ ሐሙስ ከሰዓት መጡ። ሦስት ናቸው፤ አንድ ሼህ፣ አንድ ቄስ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር። ሼሁ የልጁ አባት ጎረቤት ናቸው፤ በዕድሜም በአነጋገርም ቀዳሚው እሳቸው ነበሩ። እኔ እንደ ደንቡ ከመጋረጃው ኋላ ነኝ። መጋረጃው ስስ ነው፤ እኔ እነሱን አያለሁ፤ እነሱ ደግሞ እንዳላዩኝ ይሆናሉ።

ሰላምታው ደርሶ፣ የመጡበት ጉዳይ በወግ ተነግሮ ሲያበቃ፣ ጋሼ ስልኩን በርጩማ ላይ አስቀመጠ። "የልጅቱ አባት ቃል ይኸውና" አለና ነካው።

ቁጥሯ ሁለት ላይ ነበረች።

እንዲህ ሲፈጥን ድምፅ ይቀጥናል ብላችሁ እንዳታስቡ። አይቀጥንም፤ ያው የአባባ ድምፅ ነው፣ ያው ሻካራው። ግን በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቅ አባባ ነው፤ ከደጁ ሰው የሚያባርር አባባ። "እንዴት ከረማችሁ ከብቱ ደህና ነው ልጆቹ ደህና ናቸው" አለ ባንድ ትንፋሽ። ሼሁ "አልሐምዱ—" ከማለታቸው ወደ ምርቃቱ ገባ። "ከክፉ ይሰውራችሁ።" አሜን። "የዘራችሁትን ለፍሬ ያብቃላችሁ።" አሜን። "የወለዳችሁትን ይባርክላችሁ።" ሦስቱም ሽማግሌዎች ለመድረስ ይጣደፋሉ፤ አሜናቸው እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄደ። አባባ ምርቃቱን ጨርሶ ስለ ራሱ ማውራት ሲጀምር፣ እነሱ ገና ምርቃት ላይ ነበሩ።

"ጉልበቴ አላስኬደኝ አለ" አለ አባባ።

"አሜን።"

"ዘንድሮ ውርጩ ገብሱን መታው።"

"አሜን።"

"ቀይዋ ላሜም ሞተችብኝ።"

"አሜን" አሉ ቄሱ ጮክ ብለው፤ ከዚያ ምን እንዳሉ ገባቸውና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ቀጥሎ ያለውን አገር ያውቀዋል። ልጁን የሚድር አባት መጀመሪያ ራሱንም ልጁንም ዝቅ ያደርጋል። ልጄ ገና ናት ይላል፤ ሽማግሌው "እንዲህ አይበሉ" ይለዋል። ድሃ ነኝ ይላል፤ "ድሃስ እኛ" ይሉታል። እየተጠበቀ፣ እየተመለሰ የሚሄድ ነገር ነው፤ መሀሉ ላይ ነው መከባበሩ ያለው። አባባም ለእያንዳንዷ ቃል ቦታ ትቶላት ነበር። በእጥፍ ፍጥነት ግን ቦታዋ ጠበበች፤ "ልጄ ገና ናት ቤት መያዝ አታውቅም እኔም ድሃ ነኝ ለእናንተ ቤት አንመጥንም" ሆኖ ወረደ። ሼሁ "እንዲህ አይበ—" ይላሉ፤ አባባ ሁለት ነገር አልፏቸዋል። ደግሞ ይጀምራሉ፤ ያልፋቸዋል። በመጨረሻ ተዉትና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

ጋሼ ነገሩ እየከፋ መሆኑን አየ። ከፍጥነቱ የመጣ መሆኑን ግን አላወቀም፤ ለእሱ የሰው ልጅ የሚናገረው እንዲህ ነው። የአባባ ቃል ራሱ የከረረ መሰለው። ቁጥሯን አንዴ ቢነካት ወደ አንድ ትመለስ ነበር። እሱ ግን ስልኩን ብድግ አደረገና ጆሮው ላይ ለጠፈው።

ሦስት ሽማግሌ ተቀምጠው፣ አስተናጋጃቸው የመጡበትን መልስ ብቻውን በጆሮው ይሰማል። ግንባሩን ይቋጥራል፣ ይፈታል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ስልኩን ነጥቄ ብሰብረው ደስ ባለኝ። ጋሼ ጨረሰና ስልኩን አወረደ።

"በቃ፣ እሺ ብሏል" አለ።

"እሺ ያለው ለማን ነው?" አሉ ሼሁ። "ደጅ የጠናነው እኛ፤ ቃሉ የገባው እርስዎ ጆሮ። እኛ የሰማነው ሌላ ነው። እኛ የሰማነው ቁጣ ነው።"

"ኧረ አልተቆጣም" አለ ጋሼ።

"ወላሂ፣ ልጅ ሆኜ ማሳ ውስጥ ከብት ያስገባሁ ጊዜ እንኳ እንዲህ የተናገረኝ የለም። አፉ ይበሉን፤ ነገ በማለዳው መኪና እንሄዳለን። ለላከን ሰውም የሰማነውን እንነግረዋለን።"

መምህሩ ብቻ ትንሽ አዘኑልን። መኪናው ሳይነሣ የአባትየው ቃል በወረቀት ተጽፎ ከደረሳቸው፣ ይዘውት ሄደው እንደሚያነቡ ተናገሩና ሌሎቹን ተከትለው ወጡ።

ከመጋረጃው ወጣሁ። "ጋሼ፣ በእጥፍ እኮ ነው ያሰሟቸው!" አልኩ።

"ታዲያስ? አጠረላቸው አይደል?"

አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ንዴት ነው፤ ከንዴቱ ሥር ግን ፍርሃት ነበር። ጋሼም ሲያየኝ ደነገጠ፤ ክፉ ሰው አይደለም። "አብሽሪ፣ ወረቀት ነው የፈለጉት፤ ወረቀት ምን ይቸግራል፤ ስልኩ ራሱ ይጽፈዋል" አለና ቅንብሩን ከፈተ። አማርኛ እንደሌለ ነገርኩት። ዝርዝሩን ወደ ላይ ወደ ታች ገፋው፣ የለም። ትንሽ አሰበና ዐረብኛን መረጠ።

"ምነው ዐረብኛ?"

"አባትሽ አብሽር ይላል፤ አፉ በሉኝ ይላል፤ ወላሂም ሲል ሰምቼዋለሁ። ግማሹ ዐረብኛ አይደል?"

የወሎ ሰው አማርኛ በዐረብኛ የተቀመመ ነው እንጂ ዐረብኛ እንዳልሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ። ስልኩ ከእኔ በላይ ቀና፤ ትንሽ ካሰበ በኋላ ለዚህ መልእክት ጽሑፍ ማውጣት እንዳልቻለ ነገረው። እንግሊዝኛ አደረገው። ስልኩ ያንኑ መለሰ። ጋሼ "ይኼ ስልክ ደነዝ ነው" ብሎ ወደ እኔ ዞረ። "እንግዲያው አንቺ ጻፊው።"

መልእክቱን ወደ ስልኬ እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። እምቢ አለ። የአባት መልስ ሽማግሌ ሳይሰማው ለሙሽራ አይላክም፤ ማለዳ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ለሽማግሌ የሚሆነውን ብቻ እጽፋለሁ። "መጨረሻው ላይ ለአንቺም ለእነሱም የማይሆን ነው፤ ቤት ውስጥ ካለ ሰው ጋር ሲያወራ ነው የተቀዳው። አልሰማሁም ምናምን ይላል። እሱን ትተይዋለሽ" አለኝ። ደንብ የሚያፈርስ ሰው ስለ ደንብ ሲያስተምር ማየት እንዴት እንደሚያቃጥል የደረሰበት ያውቀዋል።

በማለዳው ክፍሌን ከፈትን። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ፣ ቁጥሯን ወደ አንድ መለስኳት፣ አባባም መጣ። ያው አባባ። የንፋስ ድምፅ፣ ሳል፣ "እንዴት ከረማችሁ"፣ ከዚያ ዝምታ። ከንፈሬ ሳላዝዘው "እግዜር ይመስገን" አለ። ጋሼ መንገዱን በዐይኑ እየጠበቀ "ፍጠኚ" ይለኛል። እየሰማሁ፣ እየመለስኩ፣ ጻፍኩ። ራስን ዝቅ እስከማድረጉ ደርሼ የወጣውን አነበብኩት።

"ጉልበቴ አላስኬደኝ ብሏል። ገብሴን ውርጭ መትቶታል። ላሜ ሞታለች። ልጄ ገና ናት። ቤት መያዝ አታውቅም። እኔም ድሃ ነኝ። ለእናንተ ቤት አንመጥንም።"

እኔ የጻፍኩት ስለሆነ የክስ ማመልከቻ ይመስላል። ፊርማና ማኅተም ብቻ ነው የቀረው። ዝምታዎቹ የሉም፤ ዝምታ እንዴት ይጻፋል? የብዙ ሰው ድምፅ በወረቀት ሳወጣ ኖሬ፣ ምን እንደምጥል ያን ጠዋት ነው የታየኝ። ትናንት አባባ ሲፈጥን ቁጡ ነበር፤ ዛሬ ሲጻፍ ድርቅ ያለ እምቢተኛ ሆኗል። ይህ ወረቀት ወረኢሉ ከደረሰ ቁርጥ ነው። ሳላትመው ዘጋሁት።

"ምን ሆንሽ? መኪናው ሊሄድ ነው!"

"ይህን አልሰጣቸውም። ስልኩን ይዘን እንሂድ።"

"አንቺ? ሽማግሌ ፊት?"

ቀድሜው ወጣሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ጋሼ ሲለቅም ግን እንዲህ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ደርቦ የለበሰው ጋቢ አንዴ ከትከሻው ይወድቃል፣ አንዴ እግሩ ሥር ይገባል።

መናኸሪያ ስንደርስ መኪናው ሞተሩን አስነሥቷል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!" ይላል። ይህ የሚያስቸኩል ነገር አይደለም፤ አንድ ሰው የቀረው መኪና ለብዙ ጊዜ አንድ ሰው እንደቀረው ይቆያል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጠዋል። እኔን ሲያዩ ቄሱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ሙሽራ እንዳላየ ለመሆን መጋረጃ በሌለበት ያላቸው እሱ ብቻ ነው።

"አባቴ፣ አንዴ ይስሙት። በራሱ አነጋገር" አልኳቸው ሼሁን።

"ሰምተናል እኮ፣ ልጄ።"

"እሱ አባባ አልነበረም። ስልኩ ነው ያጣደፈው።"

ነገሩ አልገባቸውም፤ ግን ስልኩን ተቀበሉ። በውጭ ማጉያው እንዳናሰማ ሞተሩና ረዳቱ አያሰሙም፤ ጆሮ ላይ ማድረግ የግድ ነው። ጥምጥማቸውን ከጆሯቸው ከፍ አድርገው ስልኩን አስጠጉ። ወዲያው መስታወቱ ጨለመ። "ጠፋ" ብለው ከጆሯቸው አነሡት፤ ድምፁም ቆመ።

"ሲጨልም ነው የሚናገረው፣ አባቴ። ሲያነሡት ይቆማል።"

"ሱብሐነላህ" አሉና መልሰው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። እኔም ከመጀመሪያው ጀምሬላቸው ነበር።

አባባ ምን እያለ እንደሆነ ከሼሁ አፍ ብቻ ነው የምናውቀው። "አልሐምዱሊላህ፣ እርስዎስ?" አሉ። ቆዩ። "ልጆቹም ደህና፣ ከብቱም ደህና።" ቆዩ። ከዚያ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ "አሜን" አሉ። ደግሞ "አሜን"። ከኋላቸው የተቀመጠች እንቁላል የያዘች ሴት፣ ምን እንደተመረቀ ሳታውቅ፣ ሦስተኛው ላይ አብራ "አሜን" አለች። አራተኛው ላይ የመኪናው ግማሽ አሜን ይል ነበር። ወሎ ውስጥ ምርቃት እንዲህ ባክኖ አያልፍም፤ የማን ይሁን የማን፣ የደረሰ ይቀበለዋል።

"ጉልበትዎን ይማርዎ" አሉ ሼሁ ለስልኩ። "ውርጩማ እኛንም አልማረን።" ቆዩ። "ለላሚቱ ምትክ ይስጥዎ።" ቄሱ ይህን ሲሰሙ ከመስኮቱ ዞሩና በእፎይታ ተነፈሱ። ከዚያ ሼሁ ጎንበስ አሉ። "ኧረ እንዲህ አይበሉ። ልጅ ሁሉ ገና ነው፤ አብረው ያድጋሉ።" ቆዩ። "ድሃስ እኛ ነን።" ቆዩ። "እኛ ነን እንጂ የማንመጥን።" ትናንት ያልተመለሱት ቃሎች ሁሉ አንድ ባንድ መልሳቸውን አገኙ። ጋሼ እዚያው መወጣጫው ላይ ቆሞ ያዳምጥ ነበር፤ ፊቱ ላይ የማላውቀው ነገር አየሁ። ስንት ሰው በእጥፍ አሳልፌ ይሆን ብሎ የሚያስብ መሰለኝ፤ ወይም ደግሞ እህሉን ነበር የሚያስበው።

ሼሁ ለመምህሩ፣ "ይኼ እኮ ሌላ ሰው ነው፤ ጨዋ" አሉ ስልኩን ሳያነሡ። ትንሽ እንዳዳመጡም ዐይናቸውን ከፍተው አዩኝ። ስልኩን ከጆሯቸው አነሡና ዘረጉልኝ።

"እኛ ሰምተናል፤ ቂም የለንም። ይኼኛው ግን ለኛ አይደለም" አሉ። "ለአንቺ ነው።"

ተቀበልኩ። በጣቴ ትንሽ ወደ ኋላ መለስ አደረግሁትና ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ጨለመ።

"ልጄ" አለ አባባ። "ከመጋረጃው ኋላ እንዳለሽ አውቃለሁ።" ንፋስ አለፈ። ሳለ። "እናትሽም ያኔ እዚያው ነበረች። እሷን የጠየቃት አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ኋላ አብረን ስናረጅ ነው የነገረችኝ፣ ቢጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር ብላ።" ደግሞ ንፋስ። "እኔ ግን አንቺን ሳልጠይቅ ቃል አልሰጥም። ልጁን ትፈልጊዋለሽ ወይ?"

ከዚያ ዝም አለ። ጋሼ ከቤት ሰው ጋር ሲያወራ ነው ያለኝ ይህን ነበር። በእጥፍ ሲሆን ዝምታውም በግማሽ ያጥራል፤ ማንም አልሰማውም። በራሱ ልክ ግን ረጅም ነበር። ድንጋይ ላይ የተደገፈ ስልክ ፊት ተቀምጦ፣ መልሴን የሚጠብቅ አባት ትንፋሽ ነበር።

መኪናው ሙሉ ሰው ያየኛል። አፈርኩ። "አዎ" አልኩ፣ ለራሴም በማይሰማ ድምፅ።

ዝምታው ቀጠለ። ከዚያ አባባ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ከፍ አድርጊው" አለ። "አልሰማሁም።"

ይህን የተናገረው እኔ በሌለሁበት ተራራ ላይ፣ ከብዙ ቀን በፊት እንደሆነ አውቃለሁ። የድምፅ መልእክት መስማት እንደማይችል ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነው። አባባ የሚያውቀው እኔን ነው እንጂ። መጀመሪያ ስጠየቅ ድምፄ እንደማይወጣ፣ ሁለተኛ መጠየቅ እንዳለብኝ ያውቃል።

"አዎ፣ አባባ!" ብዬ ጮኽኩ።

ረዳቱ መጣራቱን አቆመ። እንቁላል የያዘችው ሴት እልል አለች። እኔ ከፊል ሳቅ ከፊል እንባ ሆኜ መወጣጫው ላይ ቁጭ አልኩ።

"ጎሽ" አለ አባባ በጆሮዬ። "እንግዲያው ሰጥቻለሁ።"

ሼሁ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ "ምን አለ?" ብለው ጠየቁኝ። ሹፌሩም መሪውን ይዞ ይጠብቅ ነበር። በእጄ ቆዩኝ አልኳቸው። ስልኩን ካነሣሁት ድምፁ ይቆማል፤ አባባ ደግሞ እኔን መመረቅ ገና መጀመሩ ነበር።